ለእናቴ የጫንኩት የኪኒን ማስታወሻ አፕ የጠዋቱን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይጮሃል፣ ምን ይሻላል?

ሰብለ_ብቸና

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የምትኖረው ብቸና ነው፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። አራት ዓይነት ኪኒን ትወስዳለች። ኢናላፕሪል ጠዋትና ማታ፣ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ ጠዋት ብቻ፣ አቶርቫስታቲን ማታ ብቻ። በቃል እየያዘች ስትቸገር ጊዜ አንድ የመድኃኒት ማስታወሻ አፕ አስጫንኩላት። የጎረቤት ልጅ ስልኳን ይዞ፣ እኔ በስልክ እየነገርኩት ነው የሞላነው። ለእያንዳንዱ ኪኒን ለየብቻ ስለሚሞላ በቀን ስድስት ጊዜ እንዲጮህ ሆነ። የጠዋቱን 8:00 AM፣ የማታውን 8:00 PM አልነው።

ችግሩ ይኸውላችሁ። የጠዋቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይጮሃል። የማታው ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። «ይሄ ነገር ቀኑን አያውቅም እንዴ?» ትለኛለች። አፑ ተበላሽቶ ነው? ሌላ የተሻለ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ። ኢንተርኔት እዚያ እንደልብ አይደለም፣ ይሄንንም አስቡልኝ።

ታደለ_ሞባይል

እህቴ፣ አፑ አልተበላሸም። ፍኖተ ሰላም ስልክ እጠግናለሁ፣ ይሄ ነገር በየሳምንቱ ይመጣብኛል። የእናትሽ ስልክ ሰዓቱ በእጅ ወደ ኋላ 6 ሰዓት ተመልሷል። አዛውንቶች ስልኩ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት እንዲል ስለሚፈልጉ የሚሸጥላቸው ልጅ እንደዚያ አድርጎ ይሰጣቸዋል።

አስቢው። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን የእሷ ስልክ የሚያሳየው 2:00 AM ነው። አንቺ 8:00 AM ብለሽ ሞላሽ። ስልኩ 8:00 AM የሚለው ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የማታውም በዚያው ሂሳብ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይወድቃል። የጎረቤቱ ልጅ ስልኩን ከፍቶ አሁን ስንት ሰዓት እንደሚል ያንብብልሽ። ከግድግዳው ሰዓት ጋር አንድ ከሆነ በእጅ ተስተካክሏል ማለት ነው።

ዮኒ_ባህርዳር

ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ስልኩን እንዳለ ተዉት። የጠዋቱን 2:00 AM፣ የማታውን 2:00 PM ብላችሁ ሙሉት። የእኔም አባት ስልክ እንደዚያ ነው፣ እሱም ደስ ብሎት ያነበዋል። አዛውንት ሰው ላይ የፈረንጅ ሰዓት መጫን ምን ያደርጋል?

ታደለ_ሞባይል

ዮኒ ግማሹን አግኝተሃል። ይሠራል፣ ግን እስከ መቼ? አንድ ቀን አንዱ ልጅ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «Set time automatically» የሚለውን ይነካዋል። ወይ ስልኩ ፎርማት ይደረጋል። በዚያች ቅጽበት ሰዓቱ 6 ሰዓት ወደ ፊት ይዘላል። 2:00 AM ያልከው የጠዋት ኪኒን እውነተኛው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጮሃል። ደግሞም ሰዓቱ የተዛባ ስልክ ዳታ ሲከፈት ብዙ ነገር እንቢ ይለዋል። ብሮውዘሩ አንዳንድ ገጽ አልከፍትም ይላል፣ ፕሌይ ስቶርም ያስቸግራል።

ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ሰዓቱን አትንኩ፣ የሚቀየረው የሰዓት ቀጠናው ነው። «Set time automatically» በርቶ ይቆይ። «Set time zone automatically» የሚለውን ብቻ አጥፉና ከዝርዝሩ «Buenos Aires» የሚለውን ምረጡ። የአርጀንቲና ከተማ ነው፣ ከእኛ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስልኩ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 2:00 AM ያሳያል፣ በውስጥ ግን ሰዓቱ ትክክል ስለሆነ ኢንተርኔቱም አይታወክም። እዚህ ለብዙ እናቶች እንደዚህ አድርጌላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ AM ማለት ቀን፣ PM ማለት ሌሊት ይሆናል። የጠዋቱ 2:00 AM፣ የማታው 2:00 PM። የሚሞላው ሰው ይሄን መሳት የለበትም።

የደጀኗ

ሜትፎርሚን ጠፋ እንዴ? ባለፈው ደጀን ነበረ። የት እንደሚገኝ ከሆነ የምትጠይቂው የከነማ ፋርማሲ ሞክሪ።

ሰብለ_ብቸና

አይ እህቴ፣ መድኃኒቱስ አለ። ሰዓቱን ማስታወሱ ነው የቸገረን። ስለሐሳብሽ አመሰግናለሁ።

ታደለ፣ ልክ ነህ። ልጁን ጠይቄው ስልኳ ከግድግዳው ሰዓት ጋር አንድ ነው አለኝ። ቅዳሜ ወንድሜ ስለሚሄድ ቀጠናውን ይቀይርላታል።

ሲስተር_አልማዝ

ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ሰዓቱ ታደለ ጨርሶታል። እኔ ከዚያ በፊት ያለውን ላንሳ። ስድስቱን ደወል ለምን አስፈለገ?

ሰብለ፣ የጻፍሽውን ኪኒን በምግብ ተራ አስቀምጪው። ጠዋት ከቁርስ ጋር ኢናላፕሪል፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ። ማታ ከራት ጋር ኢናላፕሪል፣ ሜትፎርሚንና አቶርቫስታቲን። አራት ዓይነት መድኃኒት ቢሆንም ሰዓቱ ሁለት ብቻ ነው። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ካልሆነ ሆድ ያውካል። ኢናላፕሪል ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ ስለዚህ አብሮ መሄድ ይችላል። አፑ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ ቢያስሞላሽም ሰዓታቸውን አንድ አድርጊው። ስድስት ጊዜ የሚጮህ ስልክ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ አይሰማውም። ድምፁን ይለምደዋል፣ እያጠፋ ያልፈዋል።

ይሄ ለእናትሽ መድኃኒቶች ብቻ ነው፣ የሌላ ሰው እናት ሌላ ነገር ልትወስድ ትችላለች። ዝርዝሩን ወንድምሽ ለሚከታተላት ባለሙያ ያሳይ።

ትዕግስት_ዳንግላ

ለእኔ ግን ይሄ ሁለት ሰዓት የሚባለው አይሠራም። እኔ የታይሮይድ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ነው የምወስደው። በባዶ ሆድ ነው፣ ከቁርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ። ከካልሲየም ጋር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አብሮ አይወሰድም፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ማራራቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ደወል ያስፈልገኛል። ሁሉም ሰው አንድ ላይ ይዋጥ እንዳይል ብዬ ነው።

ሲስተር_አልማዝ

ትክክል ነሽ ትዕግስት። ሌቮታይሮክሲን ብቻውን ሰዓት ይፈልጋል። የእነ ሰብለ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ነው።

ዮኒ_ባህርዳር

አንድ ነገር ልጨምር። ደወሉ ቢያመልጣትም ችግር የለውም፣ በሚቀጥለው ሰዓት ሁለቱን አንድ ላይ ትዋጠው። አባቴ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሲስተር_አልማዝ

ወንድሜ፣ እባክህ ይሄን ለአባትህ አስቁምልኝ። ያመለጠው በቶሎ ከታወሰ ይወሰዳል። የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ ያመለጠው ይቀራል፣ በሰዓቱ የተለመደው ብቻ ይወሰዳል። ሁለት አጥፎ መዋጥ የለም። በተለይ ግሊቤንክላማይድ ላይ። እሱ ስኳርን እየገፋ የሚያወርድ መድኃኒት ነው፣ ምግብ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። አዛውንት ሰው ላይ ደግሞ ውጤቱ ረጅም ሰዓት ይቆያል።

ሰብለ፣ ከዚሁ ጋር የምፈራልሽ ነገር አለ። እናትሽ ይጾማሉ?

ሰብለ_ብቸና

እንዴታ! ረቡዕና ዓርብ አታፈርስም። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ነው። ብዙ ተለማምጣን ነበር፣ አልሆነም።

ሲስተር_አልማዝ

ይሄ ነው የሚያሳስበኝ። እስካሁን እናትሽ ረቡዕ ቀን ኪኒኑን የሚወስዱት ከምግብ ጋር 9 ሰዓት ላይ ይሆናል። አሁን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚጮህ ስልክ ሰጠሻቸው። «ሰዓቱ ደርሷል» ሲላቸው ግሊቤንክላማይዱን በባዶ ሆድ ይውጡታል፣ እስከ 9 ሰዓትም እህል አይቀምሱም። ሰብሰብ ብለው ቤተ ክርስቲያን ቆመው ላብ ያሰምጣቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይምታታል። ሰው ደግሞ ጾሙ ደክሟቸው ነው ይላል። አላርም እንዲህ ያለ ጉዳት ሲያመጣ አይቻለሁ።

እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መስጠት ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላም ካልተሻላቸው ይደገማል። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም በአፋቸው አይሰጥ፣ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ደወሉ «ኪኒን ውሰጂ» አይበል። «ቁርስ ብይና ኪኒንሽን ውሰጂ» ይበል። ምግብ ከሌለ ግሊቤንክላማይድ የለም። ሁለተኛ፣ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸው ጋር ይሂዱና የሰዓቱን ነገር ያውሩት። ለእሳቸው ዕድሜ ግሊቤንክላማይዱ ራሱ ይሻላል ወይስ ሌላ የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ አትቀይሩ፣ አታቋርጡም።

መምህር_ጌታነህ

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሞጣ ነው የምኖረው። እኔም ለግፊቴና ለልቤ መድኃኒት እወስዳለሁ። እናንተ ስለ እኛ ስታወሩ እኔም ከእኛ ወገን ሆኜ ልናገር ብዬ ነው።

አፕ የሚባለውን ልጄ ጭኖልኝ ነበር። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ቢሆንም ሲጮህ የቱን ቁልፍ እንደምነካ ግራ ይገባኛል። ፊደሉ ያንሳል። አሁን የምጠቀመው የስልኩን የራሱን ሰዓት ነው። ልጄ በስልኩ መቅጃ ድምፁን ቀዳ። «አባዬ፣ የጠዋቱ ነው፣ ነጩን ትንሹንና ክቡን፣ ውኃ በደንብ ጠጣበት» ይላል። ያንን የአላርሙ ድምፅ አድርጎ አስገባልኝ። እስካጠፋው ድረስ ደጋግሞ ይናገራል። የማታውን የልጅ ልጄ ናት የቀዳችው። የማንኛውም ዓይነት ጥሪ ድምፅ ሲጮህ ስልክ የተደወለልኝ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ሲናገር ግን ምን እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ።

ስለ ጾሙ፣ የንስሐ አባታቸውን ወንድምሽ ቢያነጋግር ጥሩ ነው ልጄ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ቀኖና አላት። ልጅ ሲነግር የማይሰማ ጆሮ የንስሐ አባት ሲናገር ይሰማል። እኔን ያሳመኑኝ እሳቸው ናቸው።

ሰብለ_ብቸና

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። የድምፁን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ለእማዬ ይሄ ነው የሚሆናት፣ እሷ የስልኩን እንግሊዝኛ ጭራሽ አታነብም። እንዴት ነው የሚገባው? የንስሐ አባቷንም ወንድሜ እሑድ ያገኛቸዋል።

ታደለ_ሞባይል

ጋሼ ጥሩ ነገር አንስተዋል። አገባቡ ቀላል ነው። ድምፁን ቀዳው፣ 15 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ የሰዓት አፑን ክፈት፣ አላርም ጨምር፣ ድምፅ መምረጫው ላይ «Add new» የሚል አለ፣ የቀዳኸውን ፋይል ምረጥ። በአንዳንዱ ስልክ ቦታው ይለያያል፣ ነገሩ ግን አለ። ሲቀዳ አፍን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ጠንከር አድርጎ መናገር ነው። ቀስ ብሎ የተቀዳ ድምፅ ከውጭ አይሰማም። የአላርሙን ድምፅ ማስተካከያ እስከ ላይ ውሰዱት፣ ከጥሪው ድምፅ የተለየ ነው፣ ብዙ ሰው ጥሪውን ከፍ አድርጎ ይሄን ይረሳዋል።

አፑን ከፈለግሽው ደግሞ የሚያቆመውን ነገር ልንገርሽ። ቻርጅ ለመቆጠብ ስልኩ ከበስተጀርባ ያሉ አፖችን ይገድላል። አፑ ለጥቂት ቀን ይጮህና ዝም ይላል። Settings ውስጥ Apps፣ አፑን ምረጪ፣ Battery፣ ከዚያ «Unrestricted» አድርጊው። «Autostart» ወይም «Auto-launch» የሚል ካለ አብሪው። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ባሉት ላይ «Alarms & reminders» የሚል ፈቃድም አለ፣ እሱም መብራት አለበት።

ሲሞከር ከሁለት ደቂቃ በኋላ አስጮኸው ተሳካ አትበሉ። ያ ምንም አያሳይም፣ ስልኩ ገና ንቁ ነው። ማታ ስክሪኑን ዘግታችሁ ሳትነኩት አሳድሩት። ጠዋት ከጮኸ እውነትም ይሠራል። ከስልኩ ጋር የመጣው የሰዓት አፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አይገደልም። እኔ ለአዛውንት እሱን የምመርጠው ለዚህ ነው። ሁለቱም ግን ስልኩ ከጠፋ አይጮሁም። መብራት ሲመጣ ቻርጅ ማድረግ የአንድ ሰው ሥራ ይሁን።

ዮኒ_ባህርዳር

ሲስተር፣ ለአባቴ ደውዬለታለሁ፣ አመሰግናለሁ። ግን ሰዓት አፕ ብቻ ከሆነ ልጅዋ አዲስ አበባ ሆና መውሰዷን በምን ታውቃለች? Medisafe ላይ «Medfriend» የሚባል ነገር አለ። ኪኒኑ ካልተወሰደ ለሌላ ሰው ስልክ መልእክት ይሄዳል። ለዚህ ነው አፕ የሚሻለው።

ሲስተር_አልማዝ

ነገሩ ጥሩ ነው። ደወሉ ያለ ኢንተርኔት ይጮሃል፣ ለልጅቷ የሚሄደው መልእክት ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ያየን ሰዎች ነን። መልእክት ስላልመጣ ወስዳለች ማለት አይቻልም። ደግሞ «Taken» የሚለውን የነካው ማን ነው? እኔ ጋ የመጡ እናት አፑ ላይ ሁሉም ተወስዷል ይላል። የነካው የልጅ ልጅ ነው፣ ጌም ስለሚያቋርጥበት።

የማይዋሽ መንገድ ኪኒን መቁጠር ነው። የወሩ መድኃኒት ሲገዛ ቀኑን ካርቶኑ ላይ ጻፉ። ወንድምሽ ቅዳሜ ሲሄድ ይቁጠርና እዚህ ጻፊልኝ።

ሰብለ_ብቸና

ወንድሜ ደርሶ ተመልሷል። ቀጠናውን ቀይሯል፣ ድምፁን ቀድቷል። ሲስተር እንዳልሽው ቆጥሯል። የወሩ መድኃኒት ከተገዛ 20 ቀን ሆኖታል። ሜትፎርሚን 60 ነበር፣ 31 ቀርቷል። ኢናላፕሪል ከ60ው 31 ቀርቷል። አቶርቫስታቲን ከ30ው 21 ቀርቷል። ግሊቤንክላማይድ ከ30ው 10 ቀርቷል። ምን ማለት ነው?

ሲስተር_አልማዝ

በጣም ጥሩ ቆጠራ ነው። በ20 ቀን ግሊቤንክላማይድ 20 መሄድ አለበት፣ 10 ይቀራል። ልክ ነው። እሱ ጠዋት ብቻ ስለሆነ ጠዋት አንድም ቀን አልሳቱም ማለት ነው። ሜትፎርሚን 40 ሄዶ 20 መቅረት ነበረበት፣ 11 ተርፏል። ኢናላፕሪልም 11። አቶርቫስታቲን 10 መቅረት ሲገባው 21 ነው፣ እሱም 11። ሦስቱም ላይ አንድ ቁጥር ነው የተረፈው፣ ሦስቱም ማታ ያሉ ናቸው። ያመለጣቸው የማታው ነው፣ ከ20ው ምሽት 11ዱ።

ስለዚህ የጠዋቱን አትነካኩ፣ እሳቸው ራሳቸው ይዘውታል። አእምሯችሁን ማታ ላይ አድርጉ። ማታ ስልኩ የት ነው ያለው? ማን ይዞታል? እናትሽ ራት የሚበሉት ስንት ሰዓት ነው? ግን ጠዋት አልሳቱም ስል የጾሙን ቀን አልረሳሁትም። ያን 20 ቀን ረቡዕና ዓርብ ግሊቤንክላማይዱን በስንት ሰዓት እንደወሰዱ ጠይቁልኝ። ቆጠራ ስንት እንደተዋጠ እንጂ መቼ እንደተዋጠ አይናገርም።

ሰብለ_ብቸና

የማታው ሌሊት ሲቀሰቅሳት አጥፍታው ትተኛ ነበር፣ አንዱ እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ስልኩ ከ1 ሰዓት በኋላ የታላቅ እህቴ ልጆች እጅ ነው። ራት 3 ሰዓት ገደማ ትበላለች፣ እኛ ደወሉን 2 ሰዓት አደረግነው። አሁን ወንድሜ ወደ 3 አዛወረው። የጾሙን ቀን ጠየቅኳት፣ በ9 ሰዓት ነው የምወስደው አለችኝ፣ አንዳንዴ ጠዋት እንደምትወስድ ግን እህቴ ትናገራለች። የንስሐ አባቷ ደግሞ ሐኪሙ የሚለውን ሰምቼ እናገራታለሁ ብለዋል። ቀጠሮዋ ገና ነው፣ እስከዚያ ረቡዕና ዓርብ ደወሉን ላጥፋው ወይስ 9 ሰዓት ላድርገው?

ዮኒ_ባህርዳር

9 ሰዓት አድርጊው፣ አላርሙ ላይ ቀን መምረጥ ይቻላል።

ሲስተር_አልማዝ

ቀን መምረጡ ይቻላል። ግን 9 ሰዓት ከወሰዱ የማታው ሜትፎርሚንና ኢናላፕሪል ከ6 ሰዓት በኋላ ይደርሳል፣ የጠዋትና የማታው ርቀት ይጠባል። ይሄን እዚህ ሆኜ እሺም እንቢም አልልም። ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ወንድምሽ የመድኃኒቱን ካርቶኖችና የቆጠራውን ወረቀት ይዞ ያዘዘላቸው ሐኪም ዘንድ በዚህ ሳምንት ይሂድ። እስከዚያ የጠዋቱ ደወል እንዳለ ይቆይ፣ ድምፁ ግን ቁርስን አስቀድሞ የሚናገር ይሁን።

መምህር_ጌታነህ

ልጄ፣ የማታውን ስልክ ነገር ደግሞ እኔ ልበል። ለእኔ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ስልክ ተለይቶ ተቀምጧል፣ ሲም የለውም፣ ራት የሚበላበት ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው። አላርም ብቻ ይጮህበታል። ልጆች አይነኩትም፣ ጌም የለበትማ።

ታደለ_ሞባይል

ጋሼ ሲም የሌለው ከሆነ ሰዓቱን ከኔትወርክ አያገኝም። ጠፍቶ ከቆየ ወይ ባትሪው ከወጣ ሰዓቱ ሊዛባ ይችላል። በሳምንት አንዴ ከግድግዳው ሰዓት ጋር ያመሳክሩት። ሰብለ፣ እንደዚያ ያለ ስልክ ካለሽ ላኪልኝ፣ ቡዌኖስ አይረሱንና አላርሙን አስተካክዬ ወደ ብቸና በሚሄድ ሰው እልክልሻለሁ።